አንዲት ልጅ፣ አምስት ወረቀት፣ ሦስት ስም

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጀሞ ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም፣ ከእኔ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩ ጎረቤቴ በሬን አንኳኩ። በብብታቸው ያረጀ ፌስታል ይዘዋል። «ሲስተር፣ ልጅቷ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አደረች» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። ከነርስነት ሥራዬ በጡረታ ከወጣሁ ዓመታት ቢያልፉም ሰፈሩ አሁንም ሲስተር ነው የሚለኝ። የታመመ ሰው ያለ መስሎኝ የደም ግፊት መለኪያዬን ላነሳ ስል ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። የትምህርት ማስረጃ፣ የክትባት ካርድ፣ መታወቂያ፣ ፎቶ ኮፒ በፎቶ ኮፒ።

ልጅቷ ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው ናት። በነርሲንግ ተመርቃ፣ የጤና ሚኒስቴርን የብቃት ምዘና ፈተና አልፋ፣ አንድ የግል ሆስፒታል ሊቀጥራት ተስማምቷል። የሆስፒታሉ የሰው ኃይል ክፍል ማስረጃዎቿን ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ ግን ስሟ አልገጥም አለ። «እነዚህ ወረቀቶች የአንድ ሰው መሆናቸውን በምን እንወቅ? አስተካክለሽ አምጪ። ቦታውን እስከ ጥር መጨረሻ እንጠብቅሻለን» ብለው መለሷት። የልደት ምስክር ወረቀቷ ደግሞ ከሳሪስ ወደ ጀሞ ቤት ሲቀይሩ ጠፍቷል። እንግዲህ አንዱ ጠፍቷል፣ ሌላው ተሳስቷል፣ ቀኑ ይቆጥራል።

የልጅቷን ትክክለኛ ስም እዚህ አልጽፍም። ነገሩ እንዲገባን ያህል ኅሊና ገብረ መድኅን ታደሰ እንበላት። የእሷም ስም እንደዚሁ የሚያስቸግሩ ፊደላት ያሉበት፣ የአባቷም ስም እንደዚሁ ከሁለት ቃል የተሠራ ነው።

ሻይ አፍልቼ ወረቀቶቹን እንደ ተጻፉበት ዘመን ቅደም ተከተል ደረደርኳቸው። የመጀመሪያው የክትባት ካርዷ ነው፤ «ህሊና ገብረመድህን» ይላል፣ የአያት ስም የለውም። ሁለተኛው የጠፋው የልደት ምስክር ወረቀት ፎቶ ኮፒ ነው። እትዬ ደግነቱ ኮፒውን ከመጽሐፍ ቅዱስ መሐል አስቀምጠውት ኖሯል። እሱ «ኅሊና ገብረመድኅን ታደሰ» ይላል፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ Hilina Gebremedhin Tadesse። ሦስተኛው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የተማረችበት ትምህርት ቤት የሰጣት ትራንስክሪፕት ሲሆን «ህሊና ገብረ መድህን» ብሎ ያቆማል። አራተኛው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ማስረጃ ነው፣ Helina Gebre Medhin። አምስተኛው ዲግሪዋ፣ ኮሌጁ ከመታወቂያዋ ላይ ስለ ቀዳው Hilina Gebremedhin Tadesse።

እትዬ ስህተቱ የእንግሊዝኛዋ «ኢ» ናት ብለው ነበር የመጡት። Helina እና Hilina። እውነቱን ለመናገር እሷ ቀላሏ ነበረች። ትልቁ ነገር ከስሙ መሐል ያለችው ባዶ ቦታ ናት። ትምህርት ቤቱ ለፈተና ተመዝጋቢዎችን ሲሞላ ቅጹ ሦስት ሳጥን ነበረው፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ጸሐፊው «ገብረ መድህን» የሚለውን ተነጣጥሎ ሲያገኘው «ገብረ»ን አባት፣ «መድህን»ን አያት አደረጋቸው። ታደሰ የሚባሉት አያት ከወረቀቱ ወጡ። በዚህ ማስረጃ መሠረት ልጅቷ ገብረ የሚባል ሰው ልጅ፣ መድህን የሚባል ሰው የልጅ ልጅ ናት። የሰው ኃይል ክፍሉ የተጠራጠረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ፣ ተክለ፣ ወለተ፣ አምደ የሚል መነሻ ያለው ስም በቤታችሁ ካለ ይህ ነገር ይመለከታችኋል። አብዱልን ይዘው የሚነሱ ስሞችም እንደዚሁ ይሰነጠቃሉ። በእጅ ሲጻፍ ክፍተት ቢኖርም ባይኖርም አንባቢው ይረዳዋል። ኮምፒውተር ግን ክፍተቷን እንደ ድንበር ነው የሚያያት።

ፊደሉም እንዲሁ ነው። እኛ ህ፣ ሕ፣ ኅ ስንል በጆሯችን አንድ ነው። እትዬ ባለቤታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት የነበራቸው ስለሆኑ «ኅሊና በብዙኃኑ ኅ ነው» ብለው ያስመዘገቡት እሳቸው ናቸው፤ እውነትም የግዕዙ አጻጻፍ እንደዚያ ነው። ትምህርት ቤቱ በሃሌታው «ህ» ጻፈ። ለሰው ዓይን ምንም ማለት አይደለም። በኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ ግን ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ በአንዱ የተመዘገበን ሰው በሌላው ጽፈው ቢፈልጉት «የለም» ይላል። አ እና ዐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀም እንደዚሁ። ስለዚህ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ «አልተገኘም» ሲላችሁ ወዲያው አትመለሱ። «ልጄ፣ እስቲ በሌላኛው ሐ ሞክሪልኝ» በሏት። እኔ ራሴ ከአንድ ጊዜ በላይ በዚህ ተርፌአለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ማንኛውም ምስክር ወረቀት ከአንድ መዝገብ የተቀዳ ነው። ወረቀቱ ቢጠፋ መዝገቡ አለ፤ ወረቀቱ ቢሳሳት ደግሞ ስህተቱ ከሁለት ቦታ በአንዱ ነው የገባው፤ ወይ ከመዝገቡ ሲገለበጥ፣ ወይ ራሱ መዝገቡ ላይ። ስለዚህ ወደ የትም ከመሮጥ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «መዝገቡ ምን ይላል?» ነው። መዝገቡ ትክክል ሆኖ ወረቀቱ ብቻ ከተሳሳተ ነገሩ የኅትመት ስህተት ነው፤ ሰጪው መሥሪያ ቤት መዝገቡን ገልጦ አይቶ ያስተካክለዋል። መዝገቡ ከተሳሳተ ግን ከመዝገቡ በፊት የነበረ ሌላ ማስረጃ ማቅረብ ግድ ነው፤ ነገሩም ይረዝማል።

እትዬ ይህን ሳያውቁ ሁለት ሳምንት ደክመዋል። መጀመሪያ የሄዱት የ12ኛ ክፍል ማስረጃ ወደሚሰጠው ወደ ትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነበር፤ ወረቀቱን የሰጠው እሱ ነዋ። እዚያም በትሕትና፣ «እናቴ፣ እኛ ያተምነው ትምህርት ቤቱ የላከልንን ነው። ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ያምጡ» አሏቸው። ትክክል ናቸው። ከዚያ አንድ ዘመድ ሌላ ምክር ሰጣቸው፦ ኮሌጁን ለምነው ዲግሪውን ከ12ኛ ክፍሉ ጋር እንዲያመሳስል። ይህን ስሰማ ነው የደነገጥኩት። ትክክል የሆነውን ብቸኛ ወረቀት ወስዶ ከተሳሳተው ጋር ማመሳሰል ማለት ነው። ያኔ ዲግሪዋ ከመታወቂያዋ ይጣላል፣ ነገ ደግሞ ፓስፖርት ስታወጣ ከፓስፖርቱ ይጣላል።

ስህተቱ በእኛ ጉዳይ የገባው በሦስተኛው ወረቀት ማለትም በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ነው። ከእሱ በፊት ያለው የልደት ምስክር ወረቀት ደኅና ነው። መንገዱ እንግዲህ ግልጽ ሆነ። መጀመሪያ የጠፋውን የልደት ምስክር ወረቀት ማውጣት፣ እሱን ይዞ ትምህርት ቤቱን ማሳረም፣ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ይዞ ወደ ፈተናው መሥሪያ ቤት መሄድ። ከዚህ ቅደም ተከተል አንዱን ቢዘሉት መመለስ ነው።

የጠፋው ወረቀት

ወረቀት ሲጠፋ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ጠፋ ብሎ ያመለከተ ሰው ማመልከቱን የሚገልጽ ማስረጃ ይጻፍለታል። ብዙ ሰው ይህን ወረቀት የጠፋው ማስረጃ ምትክ ይመስለዋል። አይደለም። የሚለው «ጠፋብኝ ብለው አመልክተዋል» ብቻ ነው፤ የጠፋው ወረቀት ምን ይል እንደነበር አይመሰክርም። ሰጪው መሥሪያ ቤት የሚፈልገው፣ አሮጌው ወረቀት በሌላ ሰው እጅ ቢገኝ እንደ ጠፋ የተመዘገበ መሆኑን ለማሳየት ነው። ስለዚህ ስታመለክቱ የጠፋውን ወረቀት ዓይነት፣ ቁጥሩን ካወቃችሁት፣ የሰጠውን መሥሪያ ቤትና በላዩ ያለውን ስም ፊደል በፊደል አስጽፉ። እዚህ ላይ ስሙ ከተሳሳተ አዲስ ስህተት ወለዳችሁ ማለት ነው። የእትዬው የመጀመሪያ የፖሊስ ማስረጃ «ህሊና ገብሬ» ብሎ ነበር፤ ተመልሰን አስቀየርነው። ፖሊሱ ልጅ ሳቀ፣ እኛም ሳቅን።

ሁለተኛው ጉዞ መዝገቡ ወዳለበት ወረዳ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ልጅቷ የተመዘገበችው ሳሪስ አካባቢ በነበሩበት ወረዳ ነው። አሁን የምትኖረው ጀሞ ነው። ሁለቱም ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ ቢሆኑም የወሳኝ ኩነት መዝገቡ ያለው በመዘገባት ወረዳ ነው። መጀመሪያ አዲሱ ወረዳቸው ሄደው «እዚህ አልተመዘገበችም» ሲባሉ እትዬ ልጅቷ ጨርሶ ያልተመዘገበች መስሏቸው እንደ አዲስ ሊያስመዘግቡ ሁሉ አስበው ነበር። ይህ አደገኛ ነው። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ከተመዘገበ፣ በተለይ በሁለቱ ላይ የትውልድ ቀኑ ወይም ስሙ ትንሽ ከተለያየ፣ በኋላ የሚመጣው ጣጣ ከጠፋ ወረቀት በብዙ ይከፋል።

ስለ መዝገቡ አንድ ነገር ልበል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን በመላ አገሪቱ ምዝገባው የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ልደት በተከሰተ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። በአዲስ አበባ ሥራውን የያዘው የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ኤጀንሲ ነው፤ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት አለው። ከዚያ በፊት ተወልደው ቆይተው የተመዘገቡት፣ እንደኛዋ ልጅ፣ በዘገየ ምዝገባ ነው የገቡት። ለእነሱ የመረጃው ምንጭ የወላጅ ቃል፣ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ካርድ ነበር። ስለዚህ የዘገየ ምዝገባ ላይ ስህተት ቢገኝ የሚያዳኑት እነዚያው አሮጌ ካርዶች ናቸው።

የክትባት ካርድ የምትጥሉ እናቶች ሆይ፣ አትጣሉት። እኔ ስንቱን በእጄ ሞልቻለሁ። ለአንድ ሰው ከሕይወቱ የመጀመሪያ ወራት ጀምሮ፣ በወቅቱ፣ በማኅተምና በቀን የተጻፈ ወረቀት ከእሱ ሌላ ብዙ የለውም። በእርግጥ ጥፋታችንንም አልደብቅም። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ሕፃኑ ስም ስለማይወጣለት «የእገሊት ልጅ» ብለን ነበር የምንጽፈው። የአባት ስም ስንጠይቅ እናቲቱ ምጥ ላይ ናት፤ የነገረችንን በሰማነው እንጽፋለን፣ የአያት ስም ማን ጠይቆ። ዛሬ ጤና ተቋሙ ለወላጆች የልደት ማሳወቂያ ይሰጣል፤ ከእሱም ወደ መዝገብ ይገባል። ማሳወቂያውን ከመቀበላችሁ በፊት የአባትን ስም ከመታወቂያው ጋር አስተያዩት። ክርስትና የሚያነሱ ቤተሰቦች ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስለሚጠመቁ፣ ከዚያ በኋላ እንኳ ለምዝገባው ቢያንስ አሥር ቀን ይተርፋቸዋል። የክርስትናውን ስም ከመጠሪያው ጋር አደባልቀው ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስመዘግቡ አሉ፤ ልጁ በኋላ ትምህርት ቤት በአንዱ ብቻ ይጠራና ጣጣው ይጀመራል።

ወደ እትዬ ልመለስ። የመዘገባት ወረዳ በፎቶ ኮፒው ላይ ባለው የምዝገባ ቁጥር መዝገቡን አገኘው። ኮፒው ባይኖር ኖሮ ሠራተኛው በስምና በዓመት መፈለግ ነበረበት፤ ያኔ የኅ እና የህ ነገር ይመጣ ነበር። የፖሊሱን ማስረጃ፣ የአመልካቿን መታወቂያና ፎቶ ተቀብለው፣ የአገልግሎት ክፍያው በደረሰኝ ተከፍሎ፣ ምትኩ ወጣ። መዝገቡ ትክክል ስለነበር የሚታረም ነገር አልነበረበትም።

መዝገቡ ራሱ ቢሳሳት ኖሮስ? እዚህ ላይ እርማትና ለውጥ የተለያዩ መሆናቸውን ማወቅ ይጠቅማል። ገብረ መድኅን የተባለው አባት መታወቂያ «ገብረ መድኅን» እያለ የልጅቷ መዝገብ «ገብረ» ብቻ ቢል፣ ጥያቄው የእርማት ነው፤ አሮጌ ማስረጃ አቅርቦ መዝገቡን ከእውነቱ ጋር ማስታረቅ ነው። አባቷ ቢሞት እንኳ የሞት ምስክር ወረቀቱ ወይም አሮጌ መታወቂያው ያስረዳል። ልጅቷ ግን «ስሜን አልወደውም፣ ሌላ ልባል» ወይም «በአሳዳጊዬ ስም ልጠራ» ብትል ያ የስም ለውጥ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለስም የተለየ ምዕራፍ አለው፤ የስም ለውጥ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። የወረዳው ጽሕፈት ቤትም ጥያቄያችሁ ከፊደል ያለፈ ሆኖ ሲያገኘው ወደ ፍርድ ቤት ይልካችኋል። ስለዚህ ማመልከቻ ስትጽፉ ቃሉን ምረጡ። የፊደል ስህተት ይዞ «ስም እንዲቀየርልኝ» ብሎ የጻፈ ሰው ሠራተኛው በጻፈው ቃል ወደ ረዥሙ መንገድ ቢመራው አይፈረድበትም። «በጽሑፍ ስህተት የተነጣጠለው የአባቴ ስም እንዲታረምልኝ» ነው የሚባለው።

ትምህርት ቤቱና ፈተናው

ምትኩን ይዘን ትምህርት ቤቱ ሄድን። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የ9ኛ ክፍል ምዝገባ ፋይሏን አወጣች። እዚያ ውስጥ ምን ተገኘ? ልጅቷ ስትመዘገብ ያስገባችው የልደት ምስክር ወረቀት ኮፒ፣ በትክክል ሦስት ስም ያለው። ከጎኑ የክፍሉ ሮስተር በእጅ፣ ስሟ ተነጣጥሎ። ስህተቱ የተወለደበት ወረቀት ያው ነው። ማስረጃው በራሳቸው ፋይል ስለተገኘ ርእሰ መምህሩ አልተከራከሩም።

የተጻፈው ደብዳቤ ምን እንደያዘ በዝርዝር እነግራችኋለሁ፤ ግማሽ ሰው የሚመለሰው ደብዳቤው ስለሚጎድል ነውና። የተሳሳተው ስም እንደ ተጻፈው፣ ትክክለኛው ስም በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ሁለቱም የአንድ ተማሪ መሆናቸው፣ ስህተቱ በትምህርት ቤቱ ምዝገባ ወቅት የተፈጠረ መሆኑ፣ የተፈተነችበት ዓመትና የፈተና መለያ ቁጥሯ፣ ፎቶዋ ላይ ያረፈ ማኅተም፣ የደብዳቤ ቁጥርና ቀን። የመጀመሪያው ረቂቅ «ህሊና ገብረመድኅን ታደሰ መሆኗን እንገልጻለን» ብቻ ነበር የሚለው፤ የድሮውን ስም አልጠቀሰም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የማንን ስም እንደሚያርም አይታወቅም። ከደብዳቤው ጋር የታረመው ትራንስክሪፕት ተያያዘ። ደብዳቤ ስታስገቡ ደግሞ አንድ ኮፒ ይዛችሁ በኮፒው ላይ የገቢ ማኅተምና ቁጥር አስደርጉበት። ከሦስት ሳምንት በኋላ «አላየነውም» ሲባል የሚያድነው ያ ኮፒ ነው።

የግል ትምህርት ቤት ሆኖ ከተዘጋ የተማሪዎቹን መዝገብ የተረከበው ማን እንደሆነ በክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ነው። የ8ኛ ክፍል ማስረጃ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ወደ ፈተናዎች አገልግሎት ሳይሆን ወደ አዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ ነው፤ ያ ፈተና የከተማው ነውና። በእኛ ዘመን ማትሪክ የወሰድን ሰዎችም ማስረጃችን ቢጠፋ፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም በየጊዜው ቢቀያየርም፣ ለ12ኛ ክፍሉ የሚጠየቀው የዛሬው የፈተናዎች አገልግሎት ነው።

አሁን ያቺ የእንግሊዝኛ ፊደል ቀረች። ትምህርት ቤቱ Helina፣ ሌላው ሁሉ Hilina። እውነት የትኛው ነው? የትኛውም አይደለም። የአማርኛን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ለመጻፍ ሁሉም የሚገዛበት አንድ ሕግ የለንም፤ ኃይሌን Haile የሚል አለ፣ Hayle የሚል አለ። ስለዚህ እዚህ ላይ የሚመረጠው ትክክለኛው ሳይሆን ብዙ ወረቀት ላይ ያለውና ለመቀየር የሚከብደው ነው። ለኛ ምርጫው ቀላል ነበር፤ የልደቱ፣ መታወቂያው፣ ዲግሪው ሁሉ Hilina ስለሚሉ የፈተናው ወደ እነሱ መጣ። ሌላ ቤት ደግሞ ተቃራኒው ሊሆን ይችላል። ልጁ ፓስፖርት አውጥቶ፣ በዚያ ስም ውጭ አገር ትምህርት ጀምሮ ከሆነ፣ ገና የልደቱን ምትክ ስታወጡ የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር ማስማማቱ ይሻላል። የፋይዳ መታወቂያ ስታስመዘግቡም ስሙ በሁለቱም ቋንቋ ስለሚገባ ያንኑ አጻጻፍ ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ መዝጋቢው በሰማው እንዳይጽፍ።

ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። የነርስነት ዲፕሎማዬ ላይ የአባቴ ስም በአንድ «ኤስ» ነው የተጻፈው፤ በኋላ የሙያ ፈቃዴ ላይ በሁለት። ሠላሳ ዓመት ሠራሁ፣ ማንም አልጠየቀኝም። ጡረታ ስወጣ ግን አንዲት ወጣት ሠራተኛ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋ ቀና ብላ አየችኝ። ዲፕሎማውን የሰጠው ትምህርት ቤት ከዚያ ወዲህ ስሙም አስተዳደሩም ተቀይሯል፤ እንደገና ላሳትም ብል ማን ጋ እሄዳለሁ? ለኔ ያዳነኝ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማረጋገጫ ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት ስሙን አይቀይርም፤ ሁለቱን ያገናኛል እንጂ። ማሳረም በማይቻልበት ቦታ ይጠቅማል፤ ማሳረም እየተቻለ በእሱ መተማመን ግን ለእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ዕድሜ ልክ ሲያስረዱ መኖር ነው። ውጭ አገር ያለ ተቀባይ አንዳንዱ ጨርሶ አይቀበለውም።

እግረ መንገዴን ሁለት ነገር ላስጠንቅቅ። አንደኛ፣ ወረቀቱ እንዳይበላሽ ብላችሁ በላስቲክ አታስለብጡት። ላሚኔት የተደረገ ሰነድ ጀርባው ላይ የማረጋገጫ ማኅተም ሊያርፍበት አይችልም፤ ማኅተሙን ነክቶና ብርሃን ላይ ይዞ ማየትም አይቻልም፤ ሲላጥ ደግሞ ጽሑፉን ይዞ ይነሳል። በወፍራም ፖስታ ይበቃዋል። ሁለተኛ፣ በእስክሪብቶ አትነካኩት። አንዲት ነጥብ ብትጨምሩበት «ስርዝ ድልዝ አለበት» ይባልና ትክክል የነበረው ክፍል ሁሉ ይጠረጠራል። እትዬን በሦስት ቀን አስተካክለዋለሁ ያላቸው ደላላም ነበር፤ በሚገርም ዋጋ። ደላላው የሚሰጠው ወረቀት እንጂ መዝገብ አይደለም። ሆስፒታሉ ለሰጪው መሥሪያ ቤት ጽፎ ሲያጣራ መልሱ የሚመጣው ከመዝገቡ ነው፤ ያኔ ልጅቷ ስም የተሳሳተባት ሳትሆን ሐሰተኛ ሰነድ ያቀረበች ትሆናለች።

የታረመው የ12ኛ ክፍል ማስረጃ በጥር አጋማሽ ላይ እጃችን ገባ። አሮጌውን መልሰው ወሰዱ፤ ኮፒውን ግን ከደብዳቤው ጋር አስቀምጠናል። ከወራት በፊት Helina ተብላ ያመለከተችበት አንድ ቦታ ካለ ሁለቱን የሚያገናኘው ያ ነው። ልጅቷ ወረቀቶቿን ይዛ ሆስፒታሉ ስትሄድ ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ስምንት ቀን ቀርቶታል። አሁን ሕፃናት ክፍል ነው የምትሠራው፤ ማታ ተረኛ ስትሆን ጠዋት በኔ በር ታልፋለች።

ባለፈው ወር ደግሞ የእትዬ ታናሽ ልጅ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ልደቱን ለማስመዝገብ አብረን ወረዳ ሄድን። ሠራተኛዋ ሞልታ ጨርሳ ማኅተሙን ስታነሳ እትዬ እጃቸውን ዘረጉ። «ልጄ፣ ማኅተሙ ከማረፉ በፊት አንድ ጊዜ ላንብበው» አሉ። መነጽራቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አደረጉ። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ። እሳቸው ግን ጣታቸውን በእያንዳንዱ ፊደል ላይ እያስኬዱ፣ የልጁን፣ የአባቱን፣ የአያቱን ስም ጮክ ብለው አነበቡ። ሁለተኛው መስመር ላይ ጣታቸው ቆመ። «ይቺ ወልደ እና ይቺ ሚካኤል፣» አሉ፣ «ይገጣጠሙልኝ።»